ክፍያን ከፋፍሎ ለመክፈል ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ማመልከቻ

የቤተሰብ ገቢ በድንገት ሲቋረጥ ወላጅ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ማመልከቻ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ጊዜ መከፈል የነበረበት ገንዘብ በተለያየ ቀን ተከፋፍሎ እንዲከፈል። ክፍያው እንዲቀነስ ወይም ልጁ በነጻ እንዲማር ከመጠየቅ ይለያል። የቅናሽ ጥያቄ የትምህርት ቤቱን ገቢ ስለሚነካ ብዙ ጊዜ ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ ቦርዱ ይሄዳል። ከፋፍሎ የመክፈል ጥያቄ ግን የሚነካው ገንዘቡ የሚገባበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህሩና የፋይናንስ ኃላፊው ተነጋግረው ሊወስኑት ይችላሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ደብዳቤ የሚደባልቅ ወላጅ፣ በቀላሉ ያገኘው የነበረውን ፈቃድ ከከባዱ ጥያቄ ጋር አስሮ ያዘገየዋል።

በአዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ አሰባሰብ አንድ ዓይነት አይደለም። በየወሩ የሚቀበሉ አሉ፤ ዓመቱን በአራት ተርም ከፍለው በየተርሙ መጀመሪያ የሚያስከፍሉም አሉ። የገቢ መቋረጥ ክፉኛ የሚጎዳው በተርም የሚከፍለውን ወላጅ ነው፤ የሁለት ወር ተኩል ያህል ክፍያ በአንድ ቀን ይጠየቃል፣ ቀኑ ካለፈም ቅጣት ይጨመርበታል። በትምህርት ቤቱ በኩል ደግሞ የመምህራን ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ ሕንጻው የኪራይ ከሆነ የአከራዩም ቀን አለ። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ከሐዘኔታው ጋር አንድ የሥራ ጥያቄ ይዞ ያነባል፦ ይህ ገንዘብ በየትኛው ቀን፣ ከየት መጥቶ ይገባል?

ብዙ ማመልከቻዎች ይህን ጥያቄ አይመልሱም። ሦስት አራተኛው የሚሆነው የደረሰው ችግር ታሪክ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ችግሬን ተረድቶ እንዲተባበረኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይልና ያበቃል። መጠን የለውም፣ ቀን የለውም። ርዕሰ መምህሩ ቢያዝን እንኳ የሚፈርምበት ነገር አያገኝም፤ «እስቲ እናያለን» ብሎ ያስቀምጠዋል። የተሻለው ማመልከቻ የዚህ ግልባጭ ነው። ችግሩ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ የቀረው ቦታ ለክፍያው ዕቅድ ይውላል። ዕቅዱ እንዲያምን የሚያደርገውም የቃላቱ ልመና ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍያ የሚመጣበት ምንጭ መታወቁ ነው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት ቤት ውስጥ መሠራት ያለበት ሒሳብ አለ። ለማሳያ እንዲሆን አንድ ቤተሰብ ይወሰድ። አባት በአንድ ድርጅት ሦስት ዓመት አገልግሎ፣ በወር 18 ሺህ ብር ደመወዝ ይከፈለው ነበር። በጥቅምት ወር መጨረሻ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣ። እናት ተቀጣሪ ናት፤ በእጇ የሚገባው 16 ሺህ ብር ነው። ሁለት ልጆች በአንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ የሁለቱ ክፍያ በተርም 16 ሺህ ብር ነው። የመጀመሪያው ተርም ተከፍሏል። የቀሩት ሦስት ተርሞች 48 ሺህ ብር ይሆናሉ፤ የሁለተኛው ተርም መክፈያ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት አባት ከድርጅቱ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። የዚህ አባት የቀን ደመወዝ በግምት 600 ብር ነው። የስንብቱ 50 ቀን 30 ሺህ ብር፣ የቅነሳው 60 ቀን 36 ሺህ ብር፣ በድምሩ 66 ሺህ ብር ይመጣል። ከተቀናሾች በኋላ 60 ሺህ ብር እጁ ገባ እንበል። ሕጉ ይህ ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዝዛል፤ የሚያዘገዩ ድርጅቶች ስላሉ ግን ገንዘቡ እጅ ሳይገባ በቀን ተወስኖ ለትምህርት ቤት ቃል ሊገባበት አይገባም።

60 ሺህ ብር ከ48 ሺህ ስለሚበልጥ ሁሉንም ከፍሎ መገላገል የሚቻል ይመስላል። የቤቱ ወጪ ግን ይህን አይፈቅድም። የቤት ኪራይ 8 ሺህ፣ እናት በመሥሪያ ቤቷ የገባችበት እቁብ 3 ሺህ፣ ምግብና መጓጓዣ መብራትና ውሃን ጨምሮ ተቆጥቦ 10 ሺህ፣ በጠቅላላው በወር 21 ሺህ ብር ይወጣል። የእናት ደመወዝ 16 ሺህ ስለሆነ በየወሩ 5 ሺህ ብር ይጎድላል። ይህ ጉድለት ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ሰባት ወራት 35 ሺህ ብር ይሆናል፤ የሚሞላውም ከዚያው ከስንብቱ ገንዘብ ነው። ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ስለዚህ 25 ሺህ ብር ብቻ ነው። አባት በመካከሉ ሥራ ካገኘ እሰየው፤ ሆኖም ያልተገኘ ሥራ ደመወዝ በዕቅድ ውስጥ አይገባም።

ሌላው ምንጭ እቁቡ ነው። አሥር አባላት ያሉትና በየወሩ 3 ሺህ ብር የሚጣልበት እቁብ ነው፤ ባለዕጣው 30 ሺህ ብር ይወስዳል። ከነሐሴ ስለተጀመረ የመጨረሻው ዙር ግንቦት ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዕጣ ስለሆነ እናት ታኅሣሥ ላይ ሊደርሳት ይችላል፣ መጋቢት ላይም ሊደርሳት ይችላል፤ ለትምህርት ቤት በቀን ቆርጦ ማስታወቅ የሚቻለው ግን የመጨረሻውን ዙር ብቻ ነው፣ እስከዚያ ዕጣው ካልወጣ ግንቦት ላይ የእሷ መሆኑ የማይቀር ነውና። የእቁቡ ዳኛና አባላቱ ችግሩን ተረድተው ቀደም ያለ ዙር ቢሰጧት ግን ቀኑ ወደፊት ይሳባል። ማመልከቻውን ከመጻፍ በፊት እነሱን ማነጋገር የሚበጀውም ለዚህ ነው።

አሁን ዕቅዱ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እኩል ክፍፍል ነው፤ 48 ሺህ ብርን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ለስድስት ወር ቢያካፍሉት በወር 8 ሺህ ብር። በወረቀት ላይ የሚያምር፣ ትምህርት ቤቱም በደስታ የሚቀበለው ዕቅድ ነው። ሆኖም በሒሳብ ሲፈተሽ ይወድቃል። ከቤቱ ጉድለት ጋር በየወሩ 13 ሺህ ብር ከስንብቱ ይወጣል፤ በአራት ወር 52 ሺህ ያልቅና መጋቢት ሲገባ የሚቀረው 8 ሺህ ብር ነው። ዕቅዱ በአምስተኛው ወር ይሰበራል፤ እቁቡ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚደርሰው ግንቦት ላይ ነው። ቃል ተገብቶ በመሀል ከሚቋረጥ ክፍያ፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ የተጠየቀ ክፍያ ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ያመነበት ዕቅድ ሲፈርስበት ሁለተኛ ማመልከቻ በቀላሉ አይቀበልም።

የሚሠራው ዕቅድ ከገንዘቡ አመጣጥ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። የስንብቱ ገንዘብ እጅ ላይ ስላለ የመጀመሪያው ክፍያ ከፍ ይላል፦ ኅዳር 30 ቀን 8 ሺህ ብር፣ ማለትም የሁለተኛው ተርም ግማሽ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በየወሩ መጨረሻ 2 ሺህ ብር፣ በአምስት ወር 10 ሺህ። እቁቡ ሲደርስ ግንቦት 25 ቀን ቀሪው 30 ሺህ። ድምሩ 48 ሺህ ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅም ይዘጋል። ከስንብቱ ለትምህርት ቤት የሚወጣው 18 ሺህ ብር ስለሆነ፣ ለቤቱ ጉድለት ከተያዘው 35 ሺህ ሌላ 7 ሺህ ብር ለሕመምና ላልታሰበ ነገር ይተርፋል። ይህ መጠባበቂያ በማመልከቻው ላይ አይጻፍም፤ ዕቅዱን የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ በዚህ ዕቅድ ላይ የሚያነሳው ቅሬታ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ገንዘብ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መልሱም በማመልከቻው ውስጥ መኖር አለበት፦ የእቁቡ ዕጣ ቀድሞ ከወጣ ወይም አባት ሥራ ካገኘ ቀሪው ክፍያ ቀኑ ሳይደርስ ይከፈላል ብሎ መጻፍ። ይህ ወላጁን ከአቅሙ በላይ አያስገድደውም፤ ትምህርት ቤቱን ግን ያረጋጋል።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ማመልከቻው ራሱ ቀላል ነው። እንደ ማንኛውም የሥራ ደብዳቤ ቀን፣ የተቀባዩ ማዕረግና ጉዳዩ ከላይ ይሰፍራሉ። ከላይ ባለው ቤተሰብ ሁኔታ ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን

ለ… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር

ጉዳዩ፦ የትምህርት ክፍያ ከፋፍዬ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ እንደተገለጸው፣ እኔ አመልካች በትምህርት ቤቱ በ3ኛ እና በ7ኛ ክፍል የሚማሩት የተማሪ … እና የተማሪ … ወላጅ ነኝ። የመጀመሪያውን ተርም ክፍያ በወቅቱ አጠናቅቄ ከፍያለሁ። ሆኖም እሠራበት የነበረው ድርጅት ባደረገው የሠራተኛ ቅነሳ ከጥቅምት 30 ቀን ጀምሮ ሥራዬ ስለተቋረጠ፣ የቀሩትን የሦስት ተርሞች ክፍያ 48 ሺህ ብር በመደበኛው ጊዜ መክፈል አልቻልኩም።

ስለዚህ ኅዳር 30 ቀን 8 ሺህ ብር፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በየወሩ በ30ኛው ቀን 2 ሺህ ብር፣ ግንቦት 25 ቀን ቀሪውን 30 ሺህ ብር እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ሚያዝያ ያለው ክፍያ ካገኘሁት የስንብት ክፍያ፣ የመጨረሻው ባለቤቴ ከምታገኘው የእቁብ ገንዘብ የሚሸፈን ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ከተገኘ ቀኑን ሳልጠብቅ እከፍላለሁ።

በእነዚህ ቀናት እስከከፈልኩ ድረስ የመዘግየት ቅጣት እንዳይታሰብብኝ፣ ልጆቼም ከትምህርትና ከፈተና እንዳይስተጓጎሉ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ከሥራ የተሰናበትኩበት ደብዳቤና የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከዚህ በታች ስም፣ ፊርማና ስልክ ይሰፍራሉ። የተማሪዎቹ መለያ ቁጥር ካለ አብሮ ይጻፋል፤ የፋይናንስ ክፍሉ ሒሳቡን የሚያገኘው በሱ ነው።

ከደብዳቤው ይልቅ ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው የመጨረሻውን አንቀጽ ነው። ከፋፍሎ መክፈል ተፈቀደ ማለት ቅጣቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ልጁ ፈተና ይቀመጣል ወይም የውጤት ካርዱን ይወስዳል ማለትም አይደለም። ርዕሰ መምህሩ በቃል «ችግር የለም» ብሎ፣ የክፍል ኃላፊው ግን ያልከፈሉ ተማሪዎች ዝርዝር ሲደርሰው ልጁን በክፍል ፊት ስሙን ሊጠራው ይችላል። ለአንድ ልጅ ይህ ከባድ ነው፤ ወላጁ ሊያስቀረው የሚችለውም አስቀድሞ በጽሑፍ ከጠየቀ ነው። ጉዳዩ በርዕሰ መምህሩና በፋይናንስ ክፍሉ መካከል ብቻ እንዲያዝ መጠየቅም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ማስረጃ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ከሥራ ለወጣ ሰው የስንብት ደብዳቤው አለ፤ አዋጁም አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሱቁን ለዘጋ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን የመለሰበት ወረቀት፣ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ልጆቹን ያስተምር ለነበረ ቤተሰብ ደግሞ እስከ ተቋረጠበት ወር የነበሩት የባንክ መቀበያ ደረሰኞች ያገለግላሉ። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ሥራ መሥራት አለመቻሉን ብቻ ቢያሳይ በቂ ነው፤ የሕመሙን ዝርዝር ለትምህርት ቤት መስጠት ግዴታ አይደለም።

የሚገባበት ጊዜ ከይዘቱ ባልተናነሰ ይወስናል። የመክፈያው ቀን ሳያልፍ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባ ማመልከቻ ዕቅድ ነው፤ ቅጣት ከተቆጠረና ማስጠንቀቂያ ከደረሰ በኋላ የገባ ግን ሰበብ መስሎ ይታያል፣ የሚያወራውም ገና ስለሚመጣው ክፍያ ሳይሆን ስላለፈው ዕዳ ይሆናል። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ለጸሐፊዋ ይሰጥና፣ በወላጁ ቅጂ ላይ የተቀበለችበት ቀንና ፊርማ ይደረጋል። ማመልከቻው ከተሰጠ በኋላ ርዕሰ መምህሩን በአካል ማነጋገር ይጠቅማል፤ በንግግሩ ላይ የተስማሙበት ለውጥ ካለ ግን በዚያው ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ችግር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከፋይናንስ ክፍሉ ነው፣ ያውም ያለ ማንም ክፉ ሐሳብ። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር በተማሪው መለያ ቁጥር የሚገባ ከሆነ፣ ሥርዓቱ የተርሙን ሙሉ ክፍያ ብቻ ጠብቆ 2 ሺህ ብርን ላይቀበል ይችላል፤ ወይም ተቀብሎ ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱን በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ወላጁ የጽሑፍ ውሳኔውን ይዞ ወደ ፋይናንስ ክፍል ሄዶ፣ ከፊል ክፍያው በየት በኩል እንደሚገባና ቅጣቱ ከሥርዓቱ መነሣቱን ማረጋገጥ አለበት። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ደረሰኙን ማየት ይበቃል፤ «ቀሪ» በሚለው ቦታ 40 ሺህ ብር ካልሆነ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ አንድ ነገር በትክክል አልተመዘገበም።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለመተማመኛ በመጨረሻው ክፍያ ቀን የተጻፈ ቼክ ይጠይቃሉ። ወላጅ ይህን መፈረም የለበትም። ቼክ በሕግ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው የወደፊት ቀን አያግደውም፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ገቢው የተቋረጠ ሰው ስድስት ወር ቀድሞ እንዲህ ያለ ወረቀት መስጠት የክፍያ መዘግየትን ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ጉዳይ ያደርገዋል። መተማመኛ የግድ ከተባለ፣ ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ በዋስትና ቢፈርም ወይም በቀኖቹ ላይ የስምምነት ወረቀት ቢጻፍ ይሻላል።

ከተስማሙባቸው ቀናት አንዱ ሳይሞላ ሊቀር ሲል ወላጁ ቀኑ ሳያልፍ ማሳወቅ፣ የሚችለውን ያህል መክፈልና አዲሱን ቀን መናገር አለበት። 2 ሺህ ብር ባይሞላ 1 ሺህ ብር ገብቶ ቀሪው በሁለት ሳምንት እንደሚመጣ የተነገረው የፋይናንስ ኃላፊ ስምምነቱ አለ ብሎ ይቆጥረዋል፤ ዝም ብሎ የጠፋውን ወላጅ ግን ያልከፈሉት ዝርዝር ውስጥ ይመልሰዋል።

ከፋፍሎ መክፈል የማይፈታው ሁኔታም አለ። ከላይ ያለው ቤተሰብ የእቁቡን ዕጣ አስቀድሞ ወስዶ ጨርሶት መዋጮው ብቻ ቀርቶበት ቢሆን ኖሮ ለትምህርት ቤት የሚችለው 25 ሺህ ብር ብቻ ነበር፤ የሁለተኛውን ተርም ከፍሎ ሦስተኛውን ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። እንዲህ ሲሆን በቀን የተከፋፈለ ቃል መግባት ዕዳውን ወደ ሰኔ መግፋት ነው፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዕዳው ሳይዘጋ የልጆቹን መሸኛ ሊይዝ ይችላል። ሒሳቡ ካልገጠመ የሚቻለውን ተርም ከፍሎ፣ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ማዛወር የተሻለ መንገድ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ የለም። ለዝውውሩ መሸኛና የውጤት ካርድ ያስፈልጋል፤ በሚቀበለው ትምህርት ቤት ቦታ መኖሩም መሸኛው ሳይወጣ በፊት መጠየቅ አለበት።

ዕቅዱ ሠርቶ የግንቦቱ ክፍያ ሲገባ ወላጁ የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ይቀራል፤ ከዓመቱ ክፍያ ምንም ቀሪ እንደሌለበት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ማረጋገጫ። ይህ ለቀጣዩ ዓመት ነባር ተማሪዎች ሲመዘገቡ ያገለግላል። ምዝገባው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በክረምቱ መግቢያ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከግንቦት እንዳያልፍ ዕቅዱ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ሰባቱ ደረሰኞች ከውሳኔው ደብዳቤ ጋር በአንድ ላይ ታስረው እስከ መስከረም ይቀመጣሉ።